የጥምርታ፣ የድብልቅና የዕድሜ እንቆቅልሾችን ወደ እኩልታ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆችና ለመቀጠሪያ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ በምሳሌዎቹ ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የሂርማታ ገበያ የዕለት ዋጋ አይደሉም።

እንቆቅልሹን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ምን ልጻፍ?

እኩልታውን አይደለም። መጀመሪያ የሚጻፈው x ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የማን ወይም የምን፣ በምን መለኪያ፣ በየትኛው ጊዜ የሚለውን መያዝ አለበት። «x = ልጁ» ብሎ መጀመር የትም አያደርስም፤ ልጅ ቁጥር አይደለም። «x = የልጁ ዕድሜ ዛሬ፣ በዓመት» ከተባለ ግን «ከ5 ዓመት በኋላ» የሚለው ሐረግ ሲመጣ x + 5 ብሎ ለመጻፍ ማሰብ እንኳ አያስፈልግም። «x = ቡናው» ከማለት ይልቅም «x = የውዱ ቡና ክብደት፣ በኪሎ» በሉ። ብዙ ሰው ስሌቱን ሳይስት መልሱን የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ x = 17 አግኝቶ 17ቱ ኪሎ ይሁን ብር፣ የዛሬ ይሁን የዚያን ጊዜ፣ ተምታቶበታል።

ቀጥላችሁ ታሪኩ ውስጥ ሌላው ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የሚቀረውን ነገር ፈልጉ። ቡና ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፤ ደረቁ አካል ይቀራል። አባትና ልጅ ዕድሜያቸው ይጨምራል፤ የዕድሜ ልዩነታቸው ግን ያው ነው። ሁለት ዓይነት ቡና ሲቀላቀል ያወጣነው ገንዘብ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እኩልታ ማለት ያንን ያልተለወጠ ነገር በሁለት መንገድ ጽፎ መሃሉ ላይ የእኩል ምልክት ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከመጨረሻው በቀር ሁሉም በዚህ መንገድ ይፈታሉ።

«በ3 ይበልጣል» እና «3 እጥፍ ነው» እንዴት ይጻፋሉ?

የመጀመሪያው መደመር ነው፦ x + 3። ሁለተኛው ማባዛት ነው፦ 3x። «3 እጥፍ ይበልጣል» የሚል ጥያቄ ሲመጣ አንዳንዱ 3x፣ ሌላው 4x አድርጎ ይወስደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ አውጪው የሚፈልገው 3x ነው። ጥያቄውን የምታወጡት እናንተ ከሆናችሁ ግን «3 እጥፍ ነው» ብላችሁ ጻፉና ተማሪውን ከጥርጣሬ አውጡት።

ከዚህ የባሰው ስህተት ቁጥሩን በተሳሳተው ወገን ማስቀመጥ ነው። «የጀንፈሉ ክብደት የቅሽሩ 2 እጥፍ ነው» የሚለውን ብዙዎች ቃላቱ በመጡበት ቅደም ተከተል 2j = q ብለው ይጽፉታል። j የጀንፈሉ ኪሎ፣ q የተፈለፈለው ቅሽር ኪሎ ከሆነ ትክክሉ j = 2q ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ከ100 ኪሎ ጀንፈል 50 ኪሎ ቅሽር ይውጣ በሉና ቁጥሮቹን አስገቡ። 100 = 2 × 50 ይሠራል፤ 2 × 100 = 50 አይሠራም። 2ቱ የሚባዛው ከትንሹ ጋር ነው፤ ትንሹን አሳድጎ ከትልቁ ጋር የሚያስተካክለው እሱ ነውና።

ጥምርታው 2:3 ሲባል አንደኛው ከጠቅላላው ስንት ነው?

2/3 ሳይሆን 2/5 ነው። 2:3 ሁለቱን ወገኖች እርስ በርስ ያወዳድራል፤ ጠቅላላው 5 እጅ ነው። ስለዚህ 2k እና 3k ብላችሁ ጻፉ፤ k የአንዱ እጅ መጠን ነው። ሁለት ሰዎች 12,000 እና 18,000 ብር አዋጥተው ቡና ነግደው 7,000 ብር ቢያተርፉ መዋጮው 2:3 ነውና 5k = 7,000፣ k = 1,400 ይሆናል። ድርሻቸውም 2,800 እና 4,200 ብር ነው።

እንቆቅልሹ «የመጀመሪያው ገንዘቡን 10 ወር፣ ሁለተኛው 5 ወር ብቻ አቆይተዋል» ብሎ ከጨመረ ጥምርታው ይቀየራል፤ ገንዘቡ በቆየበት ወር ይባዛል። 12,000 × 10 = 120,000፣ 18,000 × 5 = 90,000፤ ጥምርታው 4:3 ሆነ። አሁን 7k = 7,000 ስለሆነ ብዙ ያዋጣው ሰው 3,000፣ ያነሰ ያዋጣው ደግሞ 4,000 ብር ያገኛል። ውጤቱ ስለሚገለበጥ ተማሪ ተሳሳትኩ ብሎ ይሰርዘዋል፤ አልተሳሳተም።

በረኪና ሲቀጠንም ወጥመዱ ያው ነው። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ማውረድ ማለት 10 እጥፍ ማቅጠን ነው። ለ10 ሊትር x ሊትር በረኪና ቢያስፈልግ 5x = 0.5 × 10፣ x = 1። ስለዚህ 1 ሊትር በረኪና ከ9 ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። 10 ሊትር ውሃ የጨመረ ሰው 11 ሊትር ድብልቅ ይዞ ከታቀደው በጥቂቱ የቀጠነ ያገኛል።

አንዱ ወገን ላይ ሲጨመር ጥምርታው ከተቀየረ እንዴት ይሠራል?

መጋዘን ውስጥ የታጠበና ደረቅ ቡና 3:5 በሆነ የጆንያ ጥምርታ ተቀምጠዋል። 12 ጆንያ የታጠበ ቡና ሲገባ ጥምርታው 3:4 ሆነ። መጀመሪያ ስንት ስንት ነበሩ? የታጠበውን 3k፣ ደረቁን 5k በሉ። ከተጨመረ በኋላ (3k + 12) : 5k = 3 : 4 ነው። በመስቀልያ ሲባዛ 4(3k + 12) = 15k፤ 12k + 48 = 15k፤ k = 16። የታጠበው 48፣ ደረቁ 80 ጆንያ ነበር። ማረጋገጫው 60:80 = 3:4።

ብዙዎች የሚወድቁት ሁለቱም ጥምርታ ላይ «3» ስላዩ የታጠበው ያልተለወጠ እየመሰላቸው ነው። የመጀመሪያው 3 እና የኋለኛው 3 በተለያየ እጅ የተለኩ ናቸው። ያልተለወጠው ደረቁ ቡና ነው፤ በአንዱ ጥምርታ 5፣ በሌላው 4 ተብሏል። ሁለቱንም 20 አድርጓቸው፦ 3:5 ማለት 12:20፣ 3:4 ማለት 15:20 ነው። የታጠበው ከ12 እጅ ወደ 15 እጅ ወጣ፤ 3 እጅ 12 ጆንያ ከሆነ 1 እጅ 4 ጆንያ ነው፤ 12 × 4 = 48፣ 20 × 4 = 80። ያለ x ተፈታ። ለፈተና ይህኛው ይፈጥናል። ከሁለቱም ወገን ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ግን የሚያስተካክሉት ቋሚ ወገን ስለማይኖር ወደ k መመለስ ይሻላል።

ሁለት ዋጋ ያላቸውን ቡናዎች ቀላቅሎ መካከለኛ ዋጋ ለማግኘት ስንት ስንት ይገባል?

የኪሎው ዋጋ 600 ብር የሆነ ቡና ከ450 ብሩ ጋር ተቀላቅሎ የኪሎው 500 ብር የሚያወጣ 3 ፈረሱላ ድብልቅ ይፈለጋል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው 51 ኪሎ። ፈረሱላውን ወደ ኪሎ ሳይመልስ የጀመረ ሰው ዋጋው በኪሎ፣ ክብደቱ በፈረሱላ ሆኖ ይደናገረዋል። x የውዱ ቡና ኪሎ ይሁን፤ ርካሹ 51 − x ነው። የማይለወጠው አጠቃላይ ገንዘቡ ነው፦

600x + 450(51 − x) = 500 × 51

150x = 2,550፣ x = 17። አንድ ፈረሱላ ከውዱ፣ ሁለት ፈረሱላ ከርካሹ። ማረጋገጫው 10,200 + 15,300 = 25,500፤ ለ51 ሲካፈል 500።

አቋራጩ የልዩነቶች ጥምርታ ነው። 500 ከርካሹ በ50 ይርቃል፤ ከውዱ በ100 ይርቃል። የሚቀላቀለው መጠን የእነዚህ ግልባጭ ነው፤ ውዱ 50፣ ርካሹ 100 እጅ፣ ማለትም 1:2። ምክንያቱም እያንዳንዱ ኪሎ ውድ ቡና 100 ብር ያስከስራል፤ እሱን ለማካካስ 50 ብር የሚተርፍባቸው ሁለት ኪሎ ርካሽ ቡና ያስፈልጋል። ሁለቱን ዋጋዎች ደምሮ ለ2 ማካፈል (525) የሚሠራው መጠናቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

56 በመቶ ውሃ ያለው 100 ኪሎ ቡና ወደ 12 በመቶ ሲደርቅ ስንት ኪሎ ይሆናል? ለምን 56 ኪሎ አይሆንም?

50 ኪሎ ይሆናል። ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ክርክር የሚያስነሳው ይኸኛው ነው። 56 የሚል መልስ የሚመጣው 56 − 12 = 44 ብሎ፣ 44 በመቶ ጠፋ በማለት ነው። ነገር ግን 56 በመቶው ከ100 ኪሎ የተወሰደ ነው፤ 12 በመቶው ደግሞ ከደረቀ በኋላ ካለው፣ ከማናውቀው ትንሽ ክብደት የተወሰደ። ከተለያየ ጠቅላላ የተወሰዱ መቶኛዎች እርስ በርስ አይቀናነሱም።

ማድረቂያ አልጋ ላይ ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ነው፤ ደረቁን አካል አትነካውም። ስለዚህ እኩልታው በውሃው ሳይሆን በደረቁ አካል ይጻፍ። መጀመሪያ 100 − 56 = 44 ኪሎ ደረቅ አካል አለ። ሲደርቅ ውሃው 12 በመቶ ከሆነ ደረቁ አካል የአዲሱ ክብደት 88 በመቶ ነው። x የደረቀው ቡና ኪሎ ከሆነ 0.88x = 44፣ x = 50። ማረጋገጫ፦ በ50 ኪሎ ውስጥ 44 ደረቅ፣ 6 ውሃ አለ፤ 6 ከ50 ደግሞ 12 በመቶ ነው። 56 ኪሎ ብለን ብናቆም ኖሮ 56 − 44 = 12 ኪሎ ውሃ ይቀር ነበር፤ እሱም ከ56 ኪሎው 21 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ቡና በጆንያ ቢከማች ይሻግታል።

ይኸው እኩልታ ግዢ ላይም ይጠቅማል። በ12 በመቶ እርጥበት የተስማማችሁበት 50 ኪሎ 15 በመቶ እርጥበት ይዞ ቢመጣ ደረቁ አካል 0.85 × 50 = 42.5 ኪሎ ነው። 0.88x = 42.5 ሲፈታ x = 48.3 ገደማ ነው። በሚዛን 50 ያነበባችሁት ቡና በስምምነቱ መለኪያ 48.3 ኪሎ ብቻ ሆነ፤ 1.7 ኪሎ ገደማ የውሃ ዋጋ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። 3 በመቶ ልዩነት ተብሎ 1.5 ኪሎ መቀነስ ቅርብ ነው እንጂ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱ ከላይ የተባለው ነው።

አባት 40፣ ልጅ 10 ዓመታቸው ነው። የአባት ዕድሜ የልጁ 2 እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው?

x ከዛሬ ጀምሮ የሚያልፈው ዓመት ይሁን። 40 + x = 2(10 + x)፤ 40 + x = 20 + 2x፤ x = 20። ያን ጊዜ 60 እና 30 ይሆናሉ። የተለመደው ስህተት 40 + x = 2 × 10 + x ብሎ ቅንፉን መርሳት ነው፤ x ከሁለቱም ወገን ይጠፋና 40 = 20 የሚል ዝባዝንኬ ይቀራል። ሌላው ለአባት ብቻ ዓመት ጨምሮ ልጁን 10 ዓመት ላይ ማቆም ነው።

በቃል ለመሥራት የማይለወጠውን ልዩነት ያዙ። ልዩነቱ 30 ነው። አባት የልጁ 2 እጥፍ ሲሆን ልዩነታቸው ከልጁ ዕድሜ ጋር እኩል ይሆናል፤ ስለዚህ ልጁ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ማለትም ከ20 ዓመት በኋላ። 3 እጥፍ ቢጠየቅ ልዩነቱ የልጁን ዕድሜ 2 እጥፍ ያህላል፤ ልጁ 15 ሲሆን ነው።

መልሱ ከዜሮ በታች ከወጣ ተሳስቻለሁ ማለት ነው?

በዕድሜ ጥያቄ ላይ የግድ አይደለም። አባት 40፣ ልጅ 22 ቢሆኑና ያው ጥያቄ ቢቀርብ 40 + x = 2(22 + x) ይሰጣል፤ x = −4። ይህ «ከ4 ዓመት በፊት ሆኗል» ማለት ነው፤ በእርግጥም ያኔ 36 እና 18 ነበሩ። ጥያቄው «ከስንት ዓመት በኋላ» ብሎ ቢጠይቅ እንኳ መልሱን በዚህ መልክ አብራርታችሁ ጻፉት።

በኪሎና በሊትር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ600 እና የ450 ብር ቡናዎችን ቀላቅሎ 51 ኪሎ ባለ 620 ብር ድብልቅ አውጡ ቢባል እኩልታው x = 57.8 ይላል፤ ርካሹ ደግሞ −6.8 ኪሎ ይሆናል። ከዜሮ በታች የሆነ ቡና የለም፤ ጥያቄው ራሱ የማይሆን ነው። ድብልቅ ዋጋ ሁልጊዜ በሁለቱ ዋጋዎች መሃል ነው የሚወድቀው፤ ስሌት ከመጀመር በፊት ይህን ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

የትውልድ ዘመን ከተሰጠ የኛ አቆጣጠርና የአውሮፓው መቀላቀሉ ምን ያበላሻል?

ሁለቱም ዘመን በአንድ አቆጣጠር ከተጻፈ ልዩነቱ ላይ ችግር የለም። አንዱ በኛ ሌላው በአውሮፓ ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ይገባል ወይም ይጎድላል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዙ፤ 54 ዓመት። አንድ ሰው መነሻውን በኛ 1870 ዓ.ም.፣ መድረሻውን በአውሮፓ 1932 አድርጎ ቢቀንስ 62 ዓመት ያወጣል። ስምንቱ ዓመት ከየት መጣ ብሎ እኩልታው ላይ ቢፈልግ አያገኘውም።

ስውር የሆነውም አለ። መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1997 ይባላል፤ ጥር 10 ቀን 1990 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 18 ቀን 1998። በኛ በአንድ ዓመት የተወለዱት ልጆች በአውሮፓው ዘመን ቁጥር ብቻ ሲቀነሱ የ1 ዓመት ልዩነት ያላቸው ይመስላሉ፤ እውነተኛው ልዩነት 4 ወር አይሞላም።

«እኔ ያንተን ዕድሜ በነበርኩበት ጊዜ…» የሚሉትን እንዴት ልፍታ?

እህት ወንድሟን እንዲህ አለችው፦ «የሁለታችን ዕድሜ ድምር 63 ነው። የኔ የዛሬ ዕድሜ፣ እኔ ያንተን የዛሬ ዕድሜ በነበርኩበት ጊዜ አንተ የነበረህ ዕድሜ 2 እጥፍ ነው።» ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ለመተርጎም አትሞክሩ፤ ሁለት ጊዜ አለ፣ ለየብቻ ጻፏቸው። ዛሬ እህት a፣ ወንድም b። ያኔ እህት b ነበረች፤ ከዛሬ እስከዚያ ወደ ኋላ የተሄደው a − b ዓመት ነው። ያው ዓመት ከወንድምም ይቀነሳል፤ ወንድም b − (a − b) = 2b − a ነበር።

አሁን የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ቀረ፦ a = 2(2b − a)። 3a = 4b ይወጣል፤ ማለትም a:b = 4:3። ድምሩ 63 ስለሆነ 7k = 63፣ k = 9፤ እህት 36፣ ወንድም 27። ማረጋገጫ፦ ከ9 ዓመት በፊት እሷ 27፣ እሱ 18 ነበር፤ 36 ደግሞ የ18 2 እጥፍ ነው። ብዙዎች የሚጠፋባቸው የቅንፉ ምልክት ነው፤ b − (a − b) ሲፈታ +b እንጂ −b አይሆንም። ያን የሳተ ሰው −a ያገኛል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ዕድሜ ደግሞ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ከ20 ሊትር ወተት 4 ሊትር ተቀድቶ በውሃ ተተካ፤ እንደገና ከድብልቁ 4 ሊትር ተቀድቶ በውሃ ተተካ። ስንት ሊትር ወተት ቀረ?

20 − 4 − 4 = 12 አይደለም። በሁለተኛው ጊዜ የተቀዳው 4 ሊትር ሙሉ ወተት አልነበረም፤ ውሃም ነበረበት። እዚህ ላይ የወተቱ መጠንም ይቀንሳል፣ የውሃውም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቋሚ መጠን ከመፈለግ ይልቅ በእያንዳንዱ ቅጂ የሚቀረውን ክፍልፋይ ተከተሉ። ከ20 ሊትር 4 ሲቀዳ 16/20 ማለትም 4/5 ይቀራል፤ ድብልቁ በደንብ የተበጠበጠ ከሆነ ከወተቱም 4/5 ይቀራል። ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ 20 × 4/5 = 16 ሊትር፤ ከሁለተኛው በኋላ 16 × 4/5 = 12.8 ሊትር ወተት አለ።

ከ12 የሚበልጥበት 0.8 ሊትር በሁለተኛው ቅጂ ከወተት ጋር የወጣው ውሃ ነው። «ወተቱ ከግማሽ በታች የሚወርደው በስንተኛው ቅጂ ነው?» ቢባልም በዚያው መቀጠል ነው፦ ከሦስተኛው በኋላ 12.8 × 4/5 = 10.24 ሊትር፣ ከግማሹ ገና ይበልጣል፤ ከአራተኛው በኋላ 8.192 ሊትር። መልሱ አራተኛው ነው። በመደበኛ ቅነሳ የሄደ ሰው ግን ሦስተኛው ላይ 8 ሊትር ደርሶ አንድ ቅጂ ቀድሞ ይቆማል።